በውጭ አገር ከካርድ የተቆረጠ ገንዘብ እንዲመለስ ለባንክ የሚቀርብ ማብራሪያ

ከከላላ፣ ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ለንግድ ወደ ዱባይ፣ ለሐጅና ለዑምራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጓዙ ሰዎች ዛሬ ገንዘባቸውን ሁሉ በኪሳቸው ይዘው መሄድ አይጠበቅባቸውም። ባንኮች ዶላር የሚሞላባቸው የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች ይሰጣሉ። ተጓዡም በሆቴልና በሱቅ በፖስ ማሽን ይከፍላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ መቆረጥ የሌለበት ሂሳብ ይቆረጣል። ተጓዡ አገሩ ከገባ በኋላ ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ «ያለአግባብ ተቆርጦብኛልና መልሱልኝ» ይላል፤ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ግን በራሱ ሥልጣን ሊመልስለት አይችልም።

ምክንያቱ የገንዘቡ መንገድ ነው። ዱባይ ላይ በካርድ የተከፈለ ሂሳብ ከሆቴሉ ወደ ሆቴሉ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ ከዚያም ካርዱን ወደ ሰጠው የኢትዮጵያ ባንክ ይደርሳል። ተመላሹም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ መጓዝ አለበት። የኢትዮጵያው ባንክ ቅሬታውን የሚያቀርበው ደንበኛውን አይቶ ለማያውቅ፣ አማርኛ ለማይችል፣ ወረቀት ብቻ አንብቦ ለሚወስን ወገን ነው። ስለዚህ ደንበኛው ለቅርንጫፉ የሚጽፈው ማብራሪያ ከከላላ እስከ ዱባይ ሳይዛባ የሚነበብ መሆን ይኖርበታል። የሚያዛባውም ብዙ ጊዜ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት የከላላ ነጋዴ ልብስና ጫማ ለመግዛት ዱባይ ሄዳ ዴራ በተባለው ሰፈር አራት ሌሊት አደረች እንበል። የአንድ ሌሊት ዋጋ 220 ድርሃም በመሆኑ ጠቅላላው 880 ድርሃም ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ ስለሆነ ይህ 240 ዶላር ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኗ የሚነሣው ሊነጋጋ ሲል በመሆኑ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ሂሳቧን ልትዘጋ ወረደች። ካርዷን ማሽኑ ውስጥ አስገብታ የሚስጥር ቁጥሯን መታች። ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ሲጠብቅ ቆይቶ ክፍያው አለመሳካቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳየ። እንግዳ ተቀባዩ «አልሠራም» አላት፤ እርሷም 880 ድርሃም በጥሬ ገንዘብ ቆጥራ ሰጠች፣ ደረሰኝም ተቀበለች። ቦሌ ደርሳ የኢትዮጵያ ሲም ካርዷን ስታበራ ግን ከካርዷ ገንዘብ መቆረጡን የሚገልጽ የባንክ መልእክት ጠበቃት።

ማሽኑ አልተሳካም እያለ ገንዘቡ እንዴት ተቆረጠ? ማሽኑ ጥያቄውን ሲልክ የኢትዮጵያው ባንክ ፈቃድ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን በኔትወርክ መቋረጥ ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ወይም የሆቴሉ ባንክ የመሰረዣ መልእክት መላክ ይኖርበታል። ከተላከ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል። ካልተላከና የሆቴሉ ባንክ ኮምፒዩተር ክፍያውን እንደ ተሳካ ከመዘገበው ግን ሂሳቡ ይጸናል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። መጀመሪያ የሚታየው ገንዘብ ለጊዜው የተያዘ እንጂ ገና ያልተከፈለ ሊሆን ይችላል፤ በሂሳብ መግለጫው ላይም አብዛኛውን ጊዜ PENDING በሚል ቃል ይገለጻል። የተያዘ ገንዘብ ሆቴሉ ካልጠየቀው በራሱ ጊዜ ይለቀቃል። ለሆቴል የተያዘ ከሆነ ግን እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። ክፍያው ከጸና በኋላ መግለጫው ላይ POSTED የሚል ቃል ወይም የተወራረደበት ቀን ይወጣል። የተመላሽ ጥያቄ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለባንኩ ማሳወቁ ክፋት የለውም፤ ይሁን እንጂ ባንኩ «ጠብቁ» ቢል ደንበኛውን ማጉላላቱ ላይሆን ይችላል።

የነጋዴዋ ሂሳብ በጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ተወራረደ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም መሆኑ ነው። አሁን ማብራሪያ መጻፍ አለባት።

በዚህ ደረጃ በብዛት የሚሠራው ስሕተት «ካርዴ ተሰርቋል፣ እኔ አልተጠቀምኩበትም» ብሎ መጻፍ ነው። ገንዘቡ ያለአግባብ ስለሄደ ስርቆት መስሎ ቢታይ አይገርምም። ነገር ግን የካርድ ድርጅቶች ቅሬታን የሚመድቡት በምክንያቱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምክንያትም የሚጠየቀው ማስረጃ የተለየ ነው። ስርቆት ከተባለ ሆቴሉ ካርዱ በአካል ቀርቦ በትክክለኛው የሚስጥር ቁጥር መከፈሉን የሚያሳይ መዝገብ ይልካል። ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ነጋዴዋ ካርዱን ራሷ አስገብታለች፣ ቁጥሩንም ራሷ መትታለች። የእርሷ ቅሬታ አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በካርድ አንዴ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ ነው። ይህ በካርድ ድርጅቶች ደንብ ራሱን የቻለ የቅሬታ ዓይነት ነው። ካርዱን መጠቀሟን ከመጀመሪያው ካመነች ሆቴሉ የሚስጥር ቁጥር ማረጋገጫ ቢልክ ለቅሬታዋ መልስ አይሆንም፤ ያልካደችውን ነገር ማስረዳት ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ነጋዴዋ በእጇ ሦስት መዝገቦች አሏት። የሆቴሉ የጥሬ ገንዘብ ደረሰኝ በዱባይ ሰዓት ጃንዋሪ 14፣ 00:32 ይላል። የባንኩ አጭር መልእክት በኢትዮጵያ ሰዓት ጃንዋሪ 13፣ 23:20 ይላል። የካርድ ክፍሉ ያተመው ዝርዝር ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ጃንዋሪ 13፣ 20:20 ይላል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የካርዱ ክፍያ በ13፣ የጥሬ ገንዘቡ በ14 እንደተፈጸመ፣ በመካከላቸውም ከአራት ሰዓት በላይ እንዳለ ይገምታል። ሆቴሉም «በካርድ የተከፈለው ላደረችባቸው ሌሊቶች፣ በጥሬ የተከፈለው ለተጨማሪ ቀን ነው» ለማለት በር ይከፈትለታል።

የዱባይ ሰዓት ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት፣ ከግሪንዊች በአራት ሰዓት ይቀድማል። ሦስቱ ወደ ዱባይ ሰዓት ሲመለሱ የካርዱ ሙከራ ጃንዋሪ 14፣ 00:20፣ የጥሬ ገንዘቡ ክፍያ 00:32 ላይ ይውላሉ። ልዩነቱ 12 ደቂቃ ብቻ ነው። በአንድ ጠረጴዛ፣ ለአንድ ሂሳብ፣ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ 880 ድርሃም መከፈሉ ያለ ብዙ ክርክር ይታያል።

የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በኢትዮጵያ አነጋገር ክፍያው የተሞከረው ከምሽቱ 5:20 ላይ ነበር። ነጋዴዋ «5:20» ብላ ብትጽፍ ዱባይ ያለው አንባቢ ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ ይረዳል፤ በዚያ ጊዜ እርሷ ከሆቴሉ ከወጣች ቆይታለች። በወሩም እንዲሁ ነው። ማብራሪያዋን ያስገባችው ጥር 13 ቀን ነው እንበል። ተርጓሚው «ጥር»ን እንዲያው «ጃንዋሪ» ብሎ ቢያልፈው ደብዳቤው የተጻፈው ክፍያው ዱባይ ላይ ከመፈጸሙ በፊት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቅሬታ የሚያነብ የውጭ ሠራተኛ ሌላውን መስመር ማመኑ ያጠራጥራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እያንዳንዱ ሰዓት በ24 ሰዓት አጻጻፍና የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ተጠቅሶ መጻፍ ይኖርበታል።

ነጋዴዋ ወደ ቅርንጫፉ ከመሄዷ በፊት ለሆቴሉ በኢሜይል መጻፍ ነበረባት፤ ጽፋለችም። የካርድ ድርጅቶች ደንበኛው አስቀድሞ ከሻጩ ጋር ለመጨረስ መሞከሩን ይጠይቃሉ፤ በስልክ የተደረገ ንግግር ደግሞ ማስረጃ አይተውም። ሆቴሉ «ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው» ብሎ መለሰላት። ይህ እምቢታ እንኳ ይጠቅማታል፤ መሞከሯን ያረጋግጣል፣ ሆቴሉ የሚያነሣውንም ክርክር አስቀድሞ ያሳያታል። እርሷም በዚያው ሌሊት መሳፈሯን የሚያሳየውን የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት ከማስረጃዋ ጋር አያያዘች። ጃንዋሪ 14 ሳይነጋ ከዱባይ የወጣ ሰው ለተጨማሪ ሌሊት የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ማብራሪያው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ስለ ባንኩ አገልግሎት ያለ ምሬት፣ ስለ ጉዞው ድካም፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ሐተታ ቢኖርበት ውሳኔውን አይለውጥም፤ ዋናውን ነጥብ ግን ይሸፍነዋል። የነጋዴዋ ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል።

ቀን፦ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም (ጃንዋሪ 21 ቀን 2025)

ለባንኩ ከላላ ቅርንጫፍ

ጉዳዩ፦ አንድ የሆቴል ሂሳብ በካርድና በጥሬ ገንዘብ ሁለት ጊዜ በመከፈሉ በካርድ የተቆረጠው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የመጨረሻ አራት ቁጥሮቹ ከዚህ በታች በተጠቀሰው ካርዴ ላይ ለ880 ድርሃም የተቆረጠውን ሂሳብ እቃወማለሁ። ካርዱ አልጠፋብኝም፣ አልተሰረቀብኝምም። ክፍያውን የሞከርኩት ራሴ ነኝ። ማሽኑ አልተሳካም በማለቱ ያንኑ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ። የሆነው በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

ጥር 2 ቀን 2017 (ጃንዋሪ 10 ቀን 2025)፦ ሆቴሉ ገባሁ። ስምምነቱ አራት ሌሊት፣ ለእያንዳንዱ 220 ድርሃም፣ ጠቅላላ 880 ድርሃም ነው። አባሪ 1፣ የሆቴሉ ሂሳብ።

ጥር 6 ቀን 2017 (ጃንዋሪ 14 ቀን 2025)፣ በዱባይ ሰዓት 00:20፦ ካርዴን አስገብቼ የሚስጥር ቁጥር መታሁ። ማሽኑ አልተሳካም አለ። ይህ በባንኩ መልእክት ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት ጃንዋሪ 13፣ 23:20 ተብሎ የተመዘገበው ነው። አባሪ 2፣ የመልእክቱ ፎቶ።

በዚያው ሌሊት፣ በዱባይ ሰዓት 00:32፦ 880 ድርሃም በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። አባሪ 3፣ CASH የሚል ደረሰኝ።

በዚያው ሌሊት፦ ከዱባይ ተሳፈርኩ። አባሪ 4፣ የመሳፈሪያ ወረቀት።

ጥር 7 ቀን 2017 (ጃንዋሪ 15 ቀን 2025)፦ ሂሳቡ ከካርዴ ተወራረደ። አባሪ 5፣ የሂሳብ መግለጫ።

ጥር 8 ቀን 2017 (ጃንዋሪ 16 ቀን 2025)፦ ለሆቴሉ በኢሜይል አመለከትኩ። ጥር 10 ቀን (ጃንዋሪ 18) ለመመለስ ፈቃደኛ እንዳልሆነ ገለጸ። አባሪ 6፣ ሁለቱ ኢሜይሎች።

ስለዚህ በካርድ የተቆረጠው ገንዘብ በሙሉ፣ በላዩ ላይ የተወሰደ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ከእርሱ ጋር፣ በተቆረጠበት የውጭ ምንዛሪ ወደ ካርዴ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። ከሥሩ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክና የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይሰፍራሉ። ሙሉው የካርድ ቁጥር፣ በጀርባ ያለው ሦስት አሃዝና የሚስጥር ቁጥሩ በደብዳቤው ላይም ሆነ በአባሪዎቹ ፎቶ ላይ መታየት የለባቸውም። ለቅርንጫፉ በአማርኛ መጻፉ ተገቢ ነው፤ የቀን ዝርዝሩን ግን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማያያዝ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው የካርድ ክፍል በራሱ ግንዛቤ እንዳይተረጉመው ይረዳል።

በመጨረሻው መስመር የተጠቀሰው «በተቆረጠበት የውጭ ምንዛሪ» የሚለው ሐረግ ያለ ምክንያት አልገባም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ከዶላር ሂሳብ የወጣ ገንዘብ ከወራት በኋላ በአሮጌ ምንዛሪ ተሰልቶ በብር ቢመለስ የተመለሰው ከጠፋው ያነሰ ይሆናል።

ከአባሪዎቹ ሁሉ ጉዳዩን የሚወስነው ሦስተኛው፣ ማለትም የጥሬ ገንዘብ ደረሰኙ ነው። እርሱ ከሌለ ቀሪው አይቆምም። ዶላር የተመነዘረበት ወረቀት ገንዘብ በእጅ መኖሩን እንጂ ለሆቴሉ መከፈሉን አያሳይም። የእንግዳ ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» የሚል የጽሑፍ መልእክት ካለ ግን ሊተካው ይችላል። የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ፀሐይና ላብ ሲነካው በሳምንታት ውስጥ ይነጣል። በኪስ ታጥፎ ከላላ ሲደርስ ባዶ ወረቀት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያው በተቀበሉበት ቦታ ፎቶ ማንሣት ይበጃል።

ማሽኑ አልተሳካም የሚል ወረቀት ካተመ እርሱንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ DECLINED የሚለው ቃል ያለበት ቁራጭ ብዙ ንግግር ይቆጥባል። ነጋዴዋ አልጠየቀችም። ጉዳይዋ በዚህ ብቻ ባይወድቅም፣ ማሽኑ ምን እንዳለ የሚመሰክር ወረቀት ስለሌላት ክብደቱ በሙሉ በ12 ደቂቃው ልዩነትና በጥሬ ገንዘብ ደረሰኙ ላይ አርፏል።

ጊዜውም ገደብ አለው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለአብዛኞቹ የቅሬታ ዓይነቶች የተሰጠው 120 ቀን ነው፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ የተሰጣቸውም አሉ። በእኛ የዘመን አቆጣጠር ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥር 7 የተወራረደ ሂሳብ 120 ቀኑ የሚሞላው ከአራት ወር በኋላ ግንቦት 7፣ ማለትም ሜይ 15 ነው። ጳጉሜን በመካከል ከገባች ብቻ ቀኖቿ ተቀንሰው ይሰላሉ። ይህ ግን ባንኩ ቅሬታውን ለካርድ ድርጅቱ የሚያስገባበት እንጂ ደንበኛው ቅርንጫፍ የሚደርስበት የመጨረሻ ቀን አይደለም። ወረቀቱ ከከላላ ዋና መሥሪያ ቤት ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ የጎደለው ተጠይቆ እስኪላክ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የካርድ ውሉም ከዚህ ያጠረ ጊዜ ሊወስን ስለሚችል ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ሲገባ በቅጂው ላይ የቅርንጫፉ ማህተም፣ የተቀበለው ሠራተኛ ፊርማና ቀን እንዲሰፍር መጠየቅ ተገቢ ነው። ባንኩ የቅሬታ ቁጥር ካለው እርሱንም መያዝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለሆቴሉ ባንክ ይላካል፤ ለመልስ በቪዛ እስከ 30፣ በማስተርካርድ እስከ 45 ቀን ይሰጣል። ሆቴሉ ዝም ካለ ወይም ከተስማማ ገንዘቡ ይመለሳል። ከተከራከረ የላከው ማስረጃ ለደንበኛው ባንክ ይደርሳል። ደንበኛው «ውድቅ ሆኗል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ከመመለስ ይልቅ ሆቴሉ ምን እንደላከ መጠየቅ አለበት። የተላከው የሚስጥር ቁጥር ማረጋገጫ ብቻ ከሆነ፣ ለሁለት ጊዜ ክፍያው መልስ እንዳልተሰጠ ጠቅሶ ባንኩ እንዲገፋበት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ለዚህ ሁለተኛ ዙር የሚሰጠው ጊዜ አጭር በመሆኑ ስልክ ክፍት መሆን አለበት።

ገንዘቡ ጉዳዩ ከማለቁ በፊት ለጊዜው ካርዱ ላይ ቢገባ እንኳ ሆቴሉ ከረታ ተመልሶ ስለሚወሰድ ወዲያው ማውጣቱ አይመከርም።

ከዚህ የተለዩ ጉዳዮችም አሉ፤ የሚለያዩት ግን በማስረጃቸው ነው። የገንዘብ መክፈያ ማሽን ሳይከፍል ቀርቶ ሂሳብ ከቆረጠ ዋናው ማስረጃ የማሽኑ የዕለት መዝገብ ስለሆነ ደንበኛው የማሽኑን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት መስጠቱ ይበቃል። ባለካርዱ ከላላ እያለ ካርዱ ውጭ አገር ከተሠራበት ደግሞ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ካርዱን ማዘጋት ይቀድማል፤ በቅደም ተከተሉ ውስጥም የተዘጋበት ሰዓት መጀመሪያ ላይ ይገባል።

ባንኩ ቅሬታውን ሳይመለከት ካቆየው ወይም ምክንያት ሳይሰጥ ከዘጋው፣ በመጀመሪያ ለራሱ የባንኩ የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ የፋይናንስ ተቋማት የደንበኞችን ቅሬታ ተቀብለው መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እዚያም ሲደረስ የሚያስፈልገው ያው ባለ ማህተሙ ቅጂና ያው የቀን ዝርዝር ነው። ለባንኩ ከገባበት ዕለት ጀምሮ የተደረገው ሁሉ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ፣ ከሥሩ እየተጨመረበት ይቀጥላል።